ከስካን የተገለበጠ የዕድር ቃለ ጉባኤ፣ ገጽ 3፦ ያልተረጋገጠ

ለዕድራችን ጸሐፊ፣
አዳማ

ከዚህ በታች ያለው ማሽኑ ከአሮጌው መዝገብ ያነበበው እንዳለ ሲሆን፣ በቅንፍ የገባው የእኔ ጥያቄ ነው።

«መጋቢት 1[ማኅተም ሸፍኖታል] ቀን 1987 ዓ.ም. የተሰበሰቡት የሥራ አሰፈጻሚ [አስፈጻሚ] አባላት፣ ለድንኳን መግዣ ከካዝና ብር 1,3ዐዐ [1,300 ወይስ 1,800?] ወጪ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ወስነወል [ወስነዋል]። ገንዘቡን የተረከቡት ወ/ሮ አስለፈች [አሰለፈች?] በቀለ ሲሆኑ፣ ቀሪው ሒሳብ ብር 2,471 [መጨረሻው 1 ወይስ 7?] መሆኑን ሒሳብ ሹሙ አቶ ታደስ [ታደሰ?] አስታውቀዋል።»

«አሰፈጻሚ» እና «ወስነወል» ያለ ጥርጥር የንባብ ስሕተት ስለሆኑ ይታረሙ። በቁጥሮቹ ላይ ግን ግምት አይበቃም፤ 3ም ሆነ 8 ለድንኳን ዋጋ ያስኬዳሉና፣ ወጪውና ቀሪው ተደምረው በገጽ 2 ግርጌ ከሰፈረው የካዝና ሒሳብ ጋር መግጠማቸው ከዋናው መዝገብ ይታይልኝ። ስሞቹም ከአባላት መዝገብና ከፊርማቸው ጋር ይመሳከሩ፤ ቤተሰብ በሐዘኑ ቀን በስም አጻጻፍ ልዩነት ምክንያት ክፍያ ሊዘገይበት አይገባምና፣ እስኪረጋገጥ ድረስ ከዚህ ገጽ አንድም ስም ወደ አዲሱ መዝገብ እንዳይገባ አደራ እላለሁ።