በሽምብጥ ቤታችን ለሚያርፉ እንግዶች እና ቤቱን ለምታሰናዳው እህታችን

ለእንግዳው የሚላክ መልእክት

ጤና ይስጥልኝ፤ እንኳን ወደ ባሕር ዳር በሰላም መጡ። ሁለት መኝታ ክፍል ያለው ቤትዎ ተሰናድቶ ይጠብቅዎታል። መግቢያው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ቀድመው ከደረሱ ሻንጣዎን ለጥበቃው ጋሼ ሰጥተው በሐይቁ ዳር ዓሣ ይብሉ፤ ጋሼ በደንብ ይጠብቅልዎታል። እኔ በዚያው ግቢ ከኋላ ባለው ቤት ስለምኖር የቸገረዎት ነገር ካለ በሬን ያንኳኩ። ስልኬም በበሩ ጀርባ ተለጥፏል። ሲገቡ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት አይቼ እመዘግባለሁ።

ጀበና፣ ረከቦት፣ ስድስት ሲኒ እና አንድ ኩባያ ጥሬ ቡና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬልዎታለሁ። ጢስ ዓባይን ለማየት ካሰቡ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ በጠዋት ይነሡ፤ ፏፏቴው ሞልቶ የሚታየው በክረምቱ ማብቂያ ነው። ወደ ዘጌ በጀልባ ከሄዱ በኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች ሳያዩ አይመለሱ። ክብራን ገብርኤል ግን ሴቶች አይገቡም፤ እናትዎን ወይም እህትዎን ይዘው ከሆነ ከባለ ጀልባው ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ።

የቤቱ ደንብ

ከሁሉ በፊት የምለምንዎት ስለ ከሰል ነው። ቡና የሚፈላው በረንዳው ላይ ብቻ ነው። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲነድ የሚወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፤ ተኝቶ የነበረን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። ቀዝቃዛ ሌሊትም ቢሆን ማንደጃውን ወደ ውስጥ አያስገቡ። ብርድ ከተሰማዎት ይንገሩኝ፣ ጋቢ እጨምርልዎታለሁ።

ውሃ አንዳንድ ቀን ይጠፋል። ሮቶው 2000 ሊትር ይይዛል፤ በቁጠባ ከተጠቀሙበት ይበቃዎታል። ቧንቧ ከፍተው ደረቅ ሆኖ ካገኙት ግን መልሰው ይዝጉት፤ ክፍት የቀረ ቧንቧ ሌሊት ውሃው ሲመጣ ወለሉን ያጥለቀልቀዋል። ቦይለሩን ከመታጠብዎ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ያብሩ፣ ሲጨርሱ ያጥፉ። የእንጀራ ምጣዱ እና ቦይለሩ አብረው ከበሩ ብሬከሩ ይወርዳል።

በሐይቁ አይዋኙ። ጣና ውስጥ ብልሃርዚያ አለ፤ በጥልቀት በሌለው በዳርቻው ውሃ መቆም ብቻውን ሊያስይዝ ይችላል። ሲመሽም ከዓባይ መውጫ አጠገብ ጉማሬ ስለሚወጣ ከመንገዱ አይራቁ። አጎበሩ ለጌጥ የተሰቀለ አይደለምና ጠርዙን ከፍራሹ ሥር አስገብተው ይተኙ።

በቤት ውስጥ አይጨስም። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ሙዚቃ ይቀነስ፤ ከአጥሩ ወዲያ ሕፃናት አሉ። ሊጠይቅዎ የመጣ ዘመድ ደስ እያለው ቡና ይጠጣል፣ ማደር ከፈለገ ግን ቀድመው ያሳውቁኝ። ሲኒ ቢሰበር ችግር የለም፤ ፍራሽ ወይም ቴሌቪዥን ቢበላሽ እንነጋገራለን። መውጫው ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው።

እንግዳ ወጥቶ እንግዳ እስኪገባ

እታለም፣ ከ5 እስከ 8 ሰዓት ያለችን ሦስት ሰዓት ስለሆነች ቅደም ተከተሉን እንያዝ። ገና ስትገቢ መስኮቶቹን ሁሉ ክፈቺ፣ ከዚያም የተረሳ ዕቃ ከትራስ ሥር፣ ከአልጋ ሥር እና ከመታጠቢያ ቤቱ በር ጀርባ ፈልጊ። ያገኘሽውን በደብተሩ ላይ ጽፈሽ ለእኔ ስጪኝ።

አንሶላውን ገፈሽ ቶሎ ዘፍዝፊው። ለእያንዳንዱ አልጋ ሦስት አንሶላ የገዛሁት በክረምት የታጠበ ቶሎ ስለማይደርቅ ነው። እርጥበት ያለበትን አንሶላ እንዳታነጥፊ፤ ሽታው እንግዳው ሲተኛ ነው የሚታወቀው። አንሶላው ከተነሣ በኋላ ፍራሹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረሽ የስፌቱን ጠርዝ በጣትሽ እየገለጥሽ ተመልከቺ። ትንንሽ ጥቁር ነጠብጣብ ካየሽ ትኋን ሊሆን ስለሚችል ሌላ ነገር ሳትነኪ ጥሪኝ፤ ያን ቀን ማንም አይገባም፣ ለእንግዳውም እኔ ራሴ እደውላለሁ። አጎበሩንም ዘርግተሽ ቀዳዳ ፈልጊ።

መታጠቢያ ቤቱን በበረኪና ቀብተሽ አሥር ደቂቃ ተይው፤ በዚህ መሐል ወጥ ቤቱን ትጨርሻለሽ። በረኪናን ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅዪ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። የቡና አተላ ቧንቧውን ስለሚደፍን ወደ አትክልቱ ሥር ድፊው። ፍሪጁን ባዶ አድርጊ። የከሰሉ አመድ ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ ወደ ቆሻሻ መጣያው አይግባ።

በረንዳው ላይ ማታ በመብራቱ የተሰበሰቡ ትንኞች ወድቀው ስለሚያድሩ አምፖሉን እና ግድግዳውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጊ፤ እርጥብ ከሆነ ቀለሙን ያቆሽሸዋል። ወለሉ የመጨረሻው ነው፣ ከውስጥ ክፍል ጀምረሽ ወደ በሩ እየወለወልሽ ውጪ።

ከመዝጋትሽ በፊት አምፖሎቹን ሁሉ አብርተሽ አጥፊ፣ ሮቶው ከግማሽ በታች ከሆነ ለጋሼ ንገሪው፣ ቆጣሪው ላይ የቀረውን ሒሳብ በስልክሽ አንሥተሽ ላኪልኝ። ሳሙና፣ ሶፍት እና ፎጣ ከተሟሉ ቁልፉን አምጪልኝና ለእንግዳው «ግቡ» ብዬ እደውላለሁ።