ፉርጎው ከየት ይለቀቅ? የሮለር ኮስተሩ ጥያቄ ከነመልሱ

ለአራት ኪሎ የማታ ፊዚክስ ክፍል

ጥያቄው እንዲህ ነበር። ለገሃር አካባቢ ሮለር ኮስተር ተሠራ እንበል። ፉርጎው ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ማንም ሳይገፋው ይለቀቃል። ቁልቁል ይወርድና ቀጥ ብሎ የቆመ ክብ ሐዲድ ውስጥ ይገባል። የቀለበቱ ሬዲየስ 6 ሜትር ነው። ሰበቃ የለም። ፉርጎውን ከሐዲዱ ጋር የሚያይዝ ነገርም የለም። ሐዲዱን ሳይለቅ ሙሉ ዙር እንዲዞር፣ ከቀለበቱ ግርጌ ቢያንስ ስንት ሜትር ከፍታ ላይ መለቀቅ አለበት?

ብዙዎቻችሁ 12 ሜትር ብላችኋል። ሐሳቡ ይገባኛል። የቀለበቱ ጫፍ 12 ሜትር ላይ ነው፤ ጉልበት ካልባከነ ከ12 ሜትር የወረደ ተመልሶ 12 ሜትር ይወጣል። ግን ጉልበቱ በሙሉ ወደ ከፍታ ከተለወጠ ለፍጥነት ምን ቀረ? ምንም። ጫፍ ላይ ተገልብጦ ፍጥነት የሌለው ፉርጎ ደግሞ ይወድቃል እንጂ አይዞርም።

ስለዚህ መጀመሪያ የምንጠይቀው ስለ ከፍታ አይደለም። ጫፍ ላይ ስንት ፍጥነት ያስፈልጋል? እዚያ ፉርጎው ላይ ሁለት ኃይሎች አሉ፤ ክብደቱ እና የሐዲዱ ግፊት N። ሁለቱም ወደ ታች፣ ማለትም ወደ ቀለበቱ መሀል ናቸው። በክብ መንገድ ለመዞር የሚያስፈልገውን ኃይል የሚሰጡት እነሱ ናቸው፦

mg + N = mv²/R

አሁን ልብ በሉ። ሐዲዱ መግፋት እንጂ መሳብ አይችልም። N ከዜሮ በታች ሊሆን አይችልም ማለት ነው። ትንሹ ፍጥነት የሚገኘው N ልክ ዜሮ ሲሆን ነው። ያኔ ክብደቱ ብቻውን ያዞረዋል፦

v² = gR

ጥያቄው ያለቀው እዚህ ጋ ነው ማለት ይቻላል። የቀረውን የጉልበት ጥበቃ ሕግ ይጨርሰዋል። መነሻው ላይ ያለው እምቅ ጉልበት፣ ጫፍ ላይ ካለው እምቅ ጉልበትና የእንቅስቃሴ ጉልበት ድምር ጋር እኩል ነው፦

mgh = mg(2R) + ½mv²
mgh = 2mgR + ½mgR
h = 2.5R

R = 6 ሜትር ስለሆነ h = 15 ሜትር። g = 10 ሜ/ሰ² ብንወስድ ጫፍ ላይ v² = 60፣ ፍጥነቱም በሰከንድ 7.7 ሜትር ገደማ ይሆናል።

m የት ገባ? ተሰረዘ። ፉርጎው ባዶ ቢሆን ወይም ሰው ቢሞላው መልሱ አይለወጥም። g ራሱ ተሰርዟል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ g እዚህ ከጅቡቲ ወደብ በጥቂቱ ያንሳል፤ 15 ሜትር ግን እዚያም 15 ሜትር ነው። የሚለወጠው ፍጥነቱ ብቻ ነው።

ወደ 12 ሜትሩ ልመለስ፣ እዚህ የሚያምር ነገር አለና። ፉርጎው ጫፉ ድረስ እንኳ አይደርስም። ከግርጌው y ከፍታ ላይ፣ ከመሀሉ በላይ እያለ ሐዲዱን ይለቃል እንበል። እዚያ ወደ መሀል የሚስበው የክብደቱ ክፍል mg(y − R)/R ነው። ሐዲዱን በሚለቅበት ቅጽበት N ዜሮ ስለሆነ v² = g(y − R)። ከጉልበት ጥበቃ ደግሞ v² = 2g(h − y)። ሁለቱን ስናገናኝ፦

y = (2h + R)/3

h = 12 ስናስገባ y = 10 ሜትር። ጫፉ ሊደርስ 2 ሜትር ሲቀረው ሐዲዱን ለቆ እንደተወረወረ ድንጋይ ይበራል። h = 15 ስታስገቡ y = 12 ይመጣል፤ እሱም ጫፉ ነው። መልሳችን በሌላ መንገድ ተረጋገጠ።

ከ6 ሜትር ወይም ከዚያ በታች ቢለቀቅስ? ሐዲዱን አይለቅም፤ እንደ ዥዋዥዌ ወዲያ ወዲህ ይላል። ጥያቄው ላይ «ሙሉ ዙር» ያልኩት ለዚህ ነው።

እውነተኛ ሮለር ኮስተር ላይ ከሐዲዱ ሥር የሚይዙ ጎማዎች ስላሉ ፉርጎው እንዲህ በቀላሉ አይወድቅም። የባሰው ችግር ግርጌው ላይ ነው። ከ15 ሜትር ሲወርድ v² = 2gh = 5gR ስለሆነ፣ N − mg = 5mg፣ N = 6mg። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ወንበሩ በ3,600 ኒውተን ይገፋዋል። ይህ ለአንገትም ለወገብም ከባድ ነው። ለዚህ ነው ጀርመናዊው መሐንዲስ ቬርነር ሽቴንግል፣ በ1976 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ለተከፈተው «ሪቮሉሽን» ክብ ሳይሆን የእንባ ጠብታ ቅርጽ ያለው ቀለበት የነደፈው። ግርጌው ሰፊ፣ ጫፉ ጠባብ ነው። ግርጌ ላይ R ትልቅ ሲሆን mv²/R ያንሳል።

ለሐሙስ ይህን ሥሩ፦ ፉርጎው ጫፉ ላይ እስኪደርስ ሰበቃ ከመነሻ ጉልበቱ አንድ አሥረኛውን ቢበላ፣ ከስንት ሜትር መለቀቅ አለበት? ከ17 ሜትር በላይ ያገኘ ሰው እኩልታውን እንደገና ይጻፍ።