«ለእኔም ቢሆን አይንገሩኝ»

(ቅዳሜ ከሰዓት፣ ኮተቤ። እማማ ጥሩነሽ ስልካቸውን ይዘው መነጽራቸውን ይፈልጋሉ። የልጅ ልጃቸው ናርዶስ ቡና እየቆላች ነው።)

እማማ፦ ናርዲ፣ እስቲ ነይማ። ይቺን መልእክት አንብቢልኝ። ሰውዬው መስመር ላይ እየጠበቀኝ ነው።

ናርዶስ፦ የምን ሰውዬ?

እማማ፦ ከንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ሲስተም እየቀየርን ነው፣ ሂሳብዎ እንዳይዘጋ የላክንልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ አለ።

ናርዶስ፦ አነበቡለት እንዴ?

እማማ፦ በየትኛው ዓይኔ?

ናርዶስ፦ እሰይ! ስልኩን ያምጡት። (ትዘጋዋለች።)

እማማ፦ ኧረ አንቺ ልጅ! ሰው እያናገረ ጆሮው ላይ ይዘጋል? «እናቴ፣ እናቴ» እያለ ስንት በትሕትና ሲያናግረኝ!

ናርዶስ፦ እማማ፣ ሰውዬው ሌባ ነው።

እማማ፦ ሌባ ስሜን ከየት ያመጣል? ከነአባቴ ስም ነው የጠራኝ።

ናርዶስ፦ ለጋሼ ብር ስንልክ ትዝ ይልዎታል? የሂሳብ ቁጥሩን እንዳስገባን ሙሉ ስሙ ወጣ። ቁጥርዎን ያገኘ ሰው ስምዎን ማየት አያቅተውም። ስም ስለጠራ ባንክ ነው ማለት አይደለም።

እማማ፦ እሺ፣ ይሁን። ስድስት ቁጥር ምን ታደርግለታለች? ብሬ ያለው ባንክ ነው።

ናርዶስ፦ ሰውዬው አሁን በራሱ ስልክ ላይ የባንኩን መተግበሪያ ከፍቶ የእርስዎን ስልክ ቁጥር አስገብቷል። ባንኩ ደግሞ ዝም ብሎ አያስገባውም። «ባለቤቷ ናት ወይስ ሌላ?» ብሎ ለማረጋገጥ ቁጥሯን ወደ እርስዎ ስልክ ይልካል። ስልኩ ያለው እርስዎ እጅ ነዋ! ለእሱ የጎደለችው ያቺ ቁጥር ብቻ ናት። ካነበቡለት ባንኩ እሱን እርስዎ ነው ብሎ ይቀበለዋል።

እማማ፦ የሚስጥር ቁጥሬንስ? እሱን አልጠየቀኝም።

ናርዶስ፦ ቆይቶ ይጠይቅዎት ነበር። አንዳንዴ ደግሞ በዚችው ኮድ አዲስ የሚስጥር ቁጥር ያወጣሉ።

እማማ፦ የማርያም ያለህ! የቤት ኪራዩም፣ አጎትሽ ከአሜሪካ ለበዓል የላከውም እዚያው ነው ያለው።

ናርዶስ፦ እንግሊዝኛው ምን እንደሚል ላንብብልዎት? «ይህን ቁጥር ለማንም አይስጡ» ይላል።

እማማ፦ እዚሁ ላይ ተጽፎ?

ናርዶስ፦ እዚሁ ላይ። ለዚህ ነው «ቶሎ ይበሉ፣ ቶሎ ይበሉ» የሚለው። አንድም እርስዎ እንዳያስቡበት ነው፤ ደግሞም ኮዱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አገልግሎቱ ያበቃል።

እማማ፦ እውነትም ሲያጣድፈኝ ነበር። እኔ ሥራ በዝቶበት ነው ብዬ አዘንኩለት።

(ስልኩ እንደገና ይጠራል።)

ናርዶስ፦ እሱ ነው። አያንሱት።

እማማ፦ ቆይ፣ ላናግረው። (ያነሳሉ።) አቤት... አይ፣ ቁጥሩን አላነብም... ይዘጋ እንግዲህ! ሰኞ ቅርንጫፉ ድረስ እሄዳለሁ፣ እዚያ ያሉትን ልጆች በመልክ አውቃቸዋለሁ... (ዝም ይላሉ።) ውይ! ሰደበኝ እኮ! አሁን «እናቴ» ሲለኝ የነበረው ሰውዬ?

ናርዶስ፦ ይዝጉበት፣ ይዝጉበት! እንዲህ ያለውን መዝጋት ነውር አይደለም። እነሱ የሚጠቀሙት በእርስዎ ጨዋነት ነው። አክብረው እያናገሩት ስልክ መዝጋት እንደሚያሳፍርዎት ያውቃል።

እማማ፦ (ይዘጋሉ።) ባንኩ ራሱ እውነት ቢፈልገኝስ?

ናርዶስ፦ ባንክ ይቺን ቁጥር በስልክ ደውሎ አይጠይቅም። ካጠራጠርዎት ስልኩን ይዝጉና ራስዎ በ951 ይደውሉ፤ ወይ ቅርንጫፉ ይሂዱ። እርስዎ ምንም ሳይጠይቁ ኮድ ከመጣ ደግሞ የሆነ ሰው ሊገባብዎት እየሞከረ ሊሆን ይችላል።

እማማ፦ እንግዲህ ለአንቺ ብቻ ነው የማስነብበው።

ናርዶስ፦ አሁን እንዲህ አጠገብዎ ተቀምጬ፣ አብረን ብር ስንልክ አነብልዎታለሁ። ደውዬ ወይ በቴሌግራም ጽፌ «ኮዱን ላኩልኝ» ካልኩ ግን ለእኔም ቢሆን አይንገሩኝ።

እማማ፦ ለአንቺም?

ናርዶስ፦ ለእኔም። የሰው ቴሌግራም ይሰርቁና በስሙ ለዘመድ ይጽፋሉ። የሚሰርቁትም እንዲሁ ኮድ አስልከው ነው። የእኔ ፎቶና ስም ስላለ እኔ ነኝ ማለት አይደለም።

እማማ፦ ጉድ ነው! አንድ ሰው ተሳስቶ ነግሯቸው ቢሆንስ? እትዬ አልማዝ ባለፈው የሆነ ነገር ስታወራ ነበር።

ናርዶስ፦ አፍሮ ዝም ማለት የለበትም። እዚያው በዚያው ባንኩ ጋ ደውሎ ሂሳቡን ማሳገድ፣ ከዚያ ለፖሊስ ማመልከት ነው። በዘገየ ቁጥር ብሩ ከአንዱ ሂሳብ ወደ ሌላው እየተላለፈ ይርቃል።

እማማ፦ ቡናው ሲፈላ እትዬ አልማዝን ጥሪልኝ፣ እነግራታለሁ። አሁን ግን መጀመሪያ 951 ደውይልኝ፣ የዚህን ሰውዬ ቁጥር እንስጣቸው።