ሚዛን በሌለበት በማስመሪያ፦ የአራስ ሕፃናትን ዝቅተኛ ክብደት በውስጥ እግር ርዝመት የመለየት ምዘና ሪፖርት

አጭር ጭብጥ

ቤት ውስጥ የተወለደ ሕፃን ክብደት ብዙ ጊዜ አይታወቅም። ይህ ምዘና የአራሱን ውስጥ እግር በማስመሪያ መለካት ክብደታቸው ከ2,500 ግራም በታች የሆኑትን ምን ያህል እንደሚለይ ያያል። በአንድ አጠቃላይ ሆስፒታል የተወለዱ 420 ሕፃናት ተለክተዋል። ከእነዚህ 72ቱ (17.1 በመቶ) ክብደታቸው ዝቅተኛ ነበር። ርዝመቱ 7.5 ሴንቲሜትር ወይም ከዚያ በታች ሲሆን "ፖዘቲቭ" ብለናል። በዚህ መቁረጫ ሴንሲቲቪቲው፣ ማለትም ከትናንሾቹ ሕፃናት የተያዙት ድርሻ፣ 84.7 በመቶ (95% ኮንፊደንስ ኢንተርቫል 74.7–91.2) ሆኗል። ስፔሲፊሲቲው፣ ማለትም መደበኛ ክብደት ካላቸው በትክክል ያለፉት ድርሻ፣ 83.0 በመቶ (78.7–86.6) ነው። ኢንተርቫሉ እውነተኛው ቁጥር ሊገኝበት የሚችለውን ወሰን ያሳያል። ልኬቱ ትንሹን ከመደበኛው የመለየት ጠቅላላ አቅሙን የሚያሳየው ከአርኦሲ ኩርባ በታች ያለው ስፋት 0.91 (0.87–0.95) ነው። መለኪያው ጥሩ ነው። ሆኖም አስቀድመን ያስቀመጥነውን መስፈርት ለጥቂት አላሟላም። ስለዚህ አሁኑኑ በስፋት ይተግበር አንልም።

ለምን አስፈለገ

የዓለም ጤና ድርጅት ዝቅተኛ የልደት ክብደት የሚለው ከ2,500 ግራም በታች የሆነውን ነው። እንዲህ ያለ ሕፃን ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ጡት ለመሳብ አቅም ያጥረዋል፣ ኢንፌክሽንም በቀላሉ ያገኘዋል። ከእናቱ ገላ ጋር አጣብቆ ማቀፍ፣ ማለትም የካንጋሮ እንክብካቤ፣ ሕይወት ያድናል። ድርጅቱ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ይህ እንክብካቤ ከተወለዱ በኋላ ወዲያው እንዲጀመር መክሯል። ግን ትንሽ መሆኑ ካልታወቀ ማን ይጀምርለታል?

በ2019 እ.ኤ.አ. የተካሄደው አነስተኛ የሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ በጤና ተቋም የተወለዱት 48 በመቶ እንደሆኑ አሳይቷል። የቀሩትን ቀድማ የምታያቸው ብዙ ጊዜ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። እሷ ደግሞ ሚዛን ተሸክማ ዳገት አትወጣም። ማስመሪያ ግን ቦርሳዋ ውስጥ ይገባል።

አሠራሩ

ከጥር እስከ ሰኔ 2016 ዓ.ም. በሆስፒታሉ በሕይወት የተወለዱ ሕፃናትን በተከታታይ አካተናል። አልመረጥንም። ከ448 ሕፃናት 28ቱ ቀርተዋል። የ9ኙ እናቶች ፈቃደኛ አልሆኑም፣ 6ቱ የእግር ቅርጽ ችግር ነበረባቸው፣ 13ቱ ደግሞ ታመው በቀጥታ ወደ ጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብተዋል።

ልኬቱን የሠሩት ሥልጠና የወሰዱ አራት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። የሕፃኑን ክብደት አያውቁም ነበር። ክብደቱን የመዘነችው አዋላጅ ነርስም የእግሩን ርዝመት አላየችም። ይህ መጋረጃ ባይኖር ውጤቱ ሁሉ አጠራጣሪ በሆነ ነበር። ትንሽ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ማስመሪያውን ሲያነብ ዓይኑ ወደ ታች ያደላልና።

ሁለቱም ልኬቶች በ24 ሰዓት ውስጥ ተወስደዋል። ለማመሳከሪያ የተጠቀምንበት ዲጂታል ሚዛን በ10 ግራም ልዩነት የሚያነብ ሲሆን በየማለዳው በ2 ኪሎ መፈተሻ ይታይ ነበር። ማስመሪያው ጠንካራና ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ነው። የተለመደው ማስመሪያ ዜሮው ከጫፉ ትንሽ ገባ ብሎ ስለሚጀምር ያንን ትርፍ ቆርጠን ጣልነው። ሠራተኛዋ ተረከዙን ከማስመሪያው ጫፍ ታስተካክላለች፣ በአውራ ጣቷ የሕፃኑን ጣቶች ቀስ አድርጋ ትዘረጋለች፣ ከዚያ እስከ ረጅሙ ጣት ጫፍ ታነባለች። ሕፃኑ ጣቶቹን ካጠፈ ንባቡ ያጥራል። ጡት ጠግቦ ሲተኛ መለካት ይሻላል።

7.5 ሴንቲሜትር የሚለው መቁረጫ መረጃ መሰብሰብ ሳይጀመር በፕሮቶኮሉ ላይ ተጽፏል። መስፈርቱም እንዲሁ፦ የሴንሲቲቪቲው ኢንተርቫል ታችኛ ጫፍ 75 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ እንዲሆን። ሴንሲቲቪቲን 85 በመቶ ገምተን፣ በሁለቱም ወገን ከ10 ነጥብ ባልበለጠ ስፋት ለማወቅ 49 ዝቅተኛ ክብደት ያላቸው ሕፃናት ያስፈልጉ ነበር። ድርሻቸውን 15 በመቶ ስንገምት ይህ ቢያንስ 327 ሕፃናት ማለት ነው።

የመቶኛዎቹ ኢንተርቫል በዊልሰን ዘዴ፣ የኩርባው ስፋት ኢንተርቫል በዴሎንግ ዘዴ ተሠርቷል። ለኩርባው `R` ላይ `pROC` ተጠቅመናል። ሪፖርቱ የምርመራ ትክክለኛነት ጥናቶች እንዴት እንደሚጻፉ የሚያሳየውን የስታርድ 2015 መመሪያ ተከትሏል።

ውጤት

| | ከ2,500 ግ በታች | 2,500 ግ እና በላይ | ድምር |
|---|---|---|---|
| 7.5 ሴ.ሜ እና በታች | 61 | 59 | 120 |
| ከ7.5 ሴ.ሜ በላይ | 11 | 289 | 300 |
| ድምር | 72 | 348 | 420 |

ከ72ቱ ትናንሽ ሕፃናት ማስመሪያው 61ዱን ይዟል፤ ሴንሲቲቪቲው 84.7 በመቶ (74.7–91.2)። ከ348ቱ መደበኛ ክብደት ካላቸው 289ኙን በትክክል አሳልፏል፤ ስፔሲፊሲቲው 83.0 በመቶ (78.7–86.6)።

ፖዘቲቭ ፕሪዲክቲቭ ቫልዩው 50.8 በመቶ (42.0–59.6) ነው። "ትንሽ ነው" ከተባሉት 120 ሕፃናት በእርግጥ ትንሽ የነበሩት ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። ኔጋቲቭ ፕሪዲክቲቭ ቫልዩው፣ ማለትም "ትንሽ አይደለም" ከተባሉት በእርግጥ ትንሽ ያልሆኑት ድርሻ፣ 96.3 በመቶ (93.6–97.9) ሆኗል። አንድ ውጤት በትናንሾቹ ላይ የመታየት ዕድሉ በመደበኛዎቹ ላይ ከመታየቱ ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚናገረው ላይክሊሁድ ሬሾ ለፖዘቲቭ 5.0፣ ለኔጋቲቭ 0.18 ነው።

ከኩርባው በታች ያለው ስፋት 0.91 (0.87–0.95) ነው። አንድ ትንሽና አንድ መደበኛ ክብደት ያለው ሕፃን በዕጣ ብንወስድ ከመቶው 91 ጊዜ ያህል አጭር እግር ያለው ትንሹ ይሆናል ማለት ነው። ይህ ቁጥር ስለ ልኬቱ ጠቅላላ አቅም ይናገራል። መቁረጫው የት ይሁን የሚለውን ግን አይመልስም።

ከማስመሪያው ያመለጡት 11 ሕፃናት ክብደታቸው ከ2,180 እስከ 2,490 ግራም ነው። 9ኙ ከ2,300 በላይ ናቸው። ከ2,000 ግራም በታች የነበሩት 14 ሕፃናት ሁሉም ተይዘዋል። 100 በመቶ የሚለው ቁጥር ግን ማንንም አያዘናጋ። በ14 ሕፃናት ላይ ኢንተርቫሉ ከ78.5 እስከ 100 ነው። በሐሰት ፖዘቲቭ ከሆኑት 59 ሕፃናት ደግሞ 38ቱ ከ2,500 እስከ 2,749 ግራም ይመዝናሉ፤ ከድንበሩ ብዙም አልራቁም።

ለማነጻጸር ሌሎች ሁለት መቁረጫዎችንም አይተናል። በ7.3 ሴንቲሜትር ሴንሲቲቪቲው ወደ 65.3 (53.8–75.2) ይወርዳል፣ ስፔሲፊሲቲው ወደ 94.0 (91.0–96.0) ይወጣል። በ7.7 ሴንሲቲቪቲው 91.7 (83.0–96.1)፣ ስፔሲፊሲቲው 72.1 (67.2–76.6) ይሆናል።

60 ሕፃናት በሁለት ሠራተኞች ለየብቻ ተለክተዋል። አማካይ ልዩነቱ 0.3 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የስምምነት ወሰኑ፣ ማለትም በሁለት ሠራተኞች ንባብ መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው የሚወድቅበት ክልል፣ ግን ከ−2.1 እስከ 2.7 ሚሊሜትር ይደርሳል። ከዚህ ምዘና አንድ ነገር ብቻ ይታወስ ብንባል የምንመርጠው ይህን ነው። በ7.5 እና በ7.7 መካከል ያለው ርቀት 2 ሚሊሜትር ነው። ያንኑ ሕፃን ሌላ እጅ ቢለካው ብቻ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ሊያልፍ ይችላል።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ

መስፈርታችን 75 በመቶ ነበር። ያገኘነው ታችኛ ጫፍ 74.7 ነው። አጠጋግተን 75 አንለውም። መስመሩን ያሰመርነው ውጤቱን ሳናይ ነው፤ ካየን በኋላ ልናነሳው አይገባም።

7.7ን ብንመርጥ መስፈርቱ በቀላሉ ይሟላል። ነገር ግን ያንን መቁረጫ ያየነው በዚሁ መረጃ ላይ ነው። ከመረጃው ተመርጦ በዚያው መረጃ የተመዘነ መቁረጫ ከእውነታው ያማረ መስሎ ይታያል። ዋጋም አለው። በ7.5 ለምዘና የሚላኩት 120 ሲሆኑ በ7.7 ደግሞ 163 ናቸው። ከእነዚህ 97ቱ ያለ ምክንያት ይመላለሳሉ። የሁለት ቀን አራስ ታቅፋ የሁለት ሰዓት መንገድ ለምትሄድ እናት ይህ ቀላል አይደለም።

ፕሪዲክቲቭ ቫልዩዎቹ የዚህ ሆስፒታል ናቸው። ትናንሽ ሕፃናት 10 በመቶ በሆኑበት ቦታ፣ ሴንሲቲቪቲውና ስፔሲፊሲቲው እንዳሉ ቢቆዩ፣ ፖዘቲቭ ፕሪዲክቲቭ ቫልዩው ወደ 35.7 በመቶ ይወርዳል፤ ኔጋቲቩ 98.0 ይሆናል። ከ1,000 ሕፃናት 238ቱ ይላካሉ፣ ትንሽ ሆነው የሚገኙት 85 ናቸው፣ 15 ትናንሽ ሕፃናት ደግሞ ቤታቸው ይቀራሉ። 25 በመቶ በሆኑበት ፖዘቲቩ 62.5፣ ኔጋቲቩ 94.2 ይሆናል። 50.8 የሚለውን ቁጥር ወስዶ የቀበሌ ዕቅድ ላይ መጻፍ ስህተት ነው።

ድክመቶች

ትልቁ ድክመት ያልተለኩት 13 ሕሙማን ናቸው። ከመዝገብ እንዳየነው 10ሩ ከ2,500 ግራም በታች ነበሩ። ማስመሪያው አሥሩንም ይይዝ ነበር ብንል ሴንሲቲቪቲው 86.6 በመቶ ይሆናል። አንዱንም አይዝም ብንል 74.4 ይሆናል። ሁለተኛው ግምት የማይመስል ቢሆንም ክፍተቱ እንዲታይ ጽፈነዋል።

ልኬቱ የተሠራው በሆስፒታል፣ በቂ ብርሃን ባለበት ክፍል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ነው። ቤት ውስጥ በሦስተኛው ቀን፣ በደብዛዛ ብርሃን ሲለካ ውጤቱ ሊለይ ይችላል። የሠለጠኑት አራት ሠራተኞች ብቻ መሆናቸውም የሰው ለሰው ልዩነቱን አሳንሶ አሳይቶ ሊሆን ይችላል።

ምክረ ሐሳብ

ማስመሪያው ወደ ሚዛን የሚልክ እንጂ ሚዛንን የሚተካ አይደለም። ቀጣዩ ምዘና በቤት ጉብኝት ላይ እንዲደረግ እንጠይቃለን። 7.5 እና 7.7 ሁለቱም አስቀድመው በፕሮቶኮል ይጻፉ፤ ማመሳከሪያ ሚዛኑን ተቆጣጣሪዋ ይዛ ትሂድ። እያንዳንዱ ሕፃን ሁለት ጊዜ ይለካና አማካዩ ይወሰድ።

ምዘናው እስኪያልቅ በማስመሪያ የተገኘ ቁጥር ብቻውን "ልጁ ደህና ነው" ለማለት አያገለግል። በደንብ የማይጠባ፣ ሰውነቱ የሚቀዘቅዝ ወይም ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን እግሩ 8 ሴንቲሜትር ቢሆንም ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ። 7.5 እና ከዚያ በታች የሆነው ደግሞ እስኪመዘን ሳይጠበቅ እናቱ ደረት ላይ ይታቀፍ። መደበኛ ክብደት ያለው ሆኖ ቢገኝም በመታቀፉ የሚጎዳው ነገር የለም።