ድንቡሼ ባቄላ

ተረት ተረት! (ልጆች፦ የላም በረት!)

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ሲወጣ፣ ትንሽ ጓሮ ያላት አንዲት ቤት አለች። እዚያ ቤት ሰፌድ ላይ አንድ ባቄላ ነበር። ወፈር ስለሚል ስሙ ድንቡሼ ነው።

አንድ ቀን እማማ ሰፌዱን አነሱ። "ይሄ ለአሹቅ፣ ይሄ ለአሹቅ..." ድንቡሼ ጋ ሲደርሱ ግን "ይሄስ ለዘር ነው!" አሉ። ድንቡሼ ተረፈ!

ማሙሽ በጣቱ አፈሩን ወጋ አደረገና ድንቡሼን ከተተው። አፈር አለበሰው። ውሃ አጠጣው።

"አሁን ላድግ ነው!" አለ ድንቡሼ። እህህህ ብሎ ገፋ። ምንም የለም። (እስቲ እናንተም ግፉ። እህህህ!) አሁንም ምንም የለም።

በዚያ በኩል እትዬ ትል እየተሳቡ ሲያልፉ አያቸው።

"እትዬ ትል፣ መቼ ነው የማድገው?"

"መጀመሪያ ውሃህን ጠጣ፣ የኔ ልጅ።"

ጠጣ፣ ጠጣ፣ ጠጣ። ሆዱ ተነፋ። ልብሱ ጠበበውና ቷ! ብሎ ተቀደደ። በቀዳዳው አንዲት ነጭ ቀጭን ነገር ብቅ አለች። ወዴት ሄደች መሰላችሁ? ወደ ታች!

"ኧረ ወደ ታች አይደለም! እኔ ፀሐይ ማየት ነው የምፈልገው!" ብሎ አለቀሰ።

እትዬ ትል ሳቁ። "ሥርህ እኮ ነው። እሱ አፈሩን ሳይዝ ብትወጣ የእንጦጦ ንፋስ ገፍትሮ ይጥልሃል። ጠብቀው።"

ላይ ደግሞ ማሙሽ አላስቻለውም።

"እማማ፣ ቆፍሬ ልየው? ትንሽ ብቻ!"

"ተው! ሥሩ ይበጠሳል።"

ማሙሽ አፉን አሞጠሞጠ። ግን አልቆፈረም። ጠዋት ጠዋት ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ ወደ ጓሮ ይሮጣል። ዛሬም የለም። ነገም የለም። ከነገ ወዲያም የለም።

ድንቡሼ ከታች ሥሩን ሲያበዛ ቆየ። ከዚያ አንድ ቀን አንገቱን ጎንበስ አድርጎ አፈሩን ገፋው። አፈሩ ስንጥቅ አለ። ድንቡሼ ብቅ አለና ቀና ሲል መጀመሪያ ያየው ፀሐይን አልነበረም። ትልቅ አፍንጫ ነበር! ማሙሽ በሆዱ ተኝቶ እያየው ነው።

"እማማ! ወጣ! ወጣ!"

"ቀስ፣ አታስደንግጠው፤ ገና መምጣቱ ነው" አሉ እማማ።

ድንቡሼ ሁለት ቅጠሎቹን ዘረጋና ወደ ታች ተጣራ። "እትዬ ትል፣ አሁን ፍሬ ላፍራ?"

"ኧረ ልጄ! መጀመሪያ አበባው ይምጣ እንጂ!"

በሉ ልጆች፣ ባቄላችሁን ያዙ። ጫፉ ላይ ጥቁር መስመር አለ፤ አያችሁት? ሥሩ የሚወጣው በዚያ በኩል ነው። ስም አውጡለት። ከዚያ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ፤ ሁለት አንጓ ድረስ ብቻ። ቆፍሮ ማየት ክልክል ነው!