ሂሳቡ ተዘግቷል፤ ገንዘቡስ ደርሷል?

ለዓመታት በባንክ መስኮት ሳገለግል፣ ሂሳብ ሲከፈት ሰው ሁሉ ሲጠነቀቅ፣ ሲዘጋ ግን ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ሲከት አይቻለሁ። እዚህ ያሉት ጥያቄዎች የቁጠባ ሂሳባቸውን ከዘጉ ሰዎች ደጋግሜ የሰማኋቸው ናቸው።

ጥያቄ፦ ደብዳቤው «ሂሳብዎ ተዘግቷል፤ ቀሪ ሂሳብ 0.00» ይላል። ይህ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። ዜሮው የሚናገረው ገንዘቡ ከሂሳቡ መውጣቱን ብቻ ነው። ስንት ሆኖ ወጣ? ወዴት ሄደ? ደረሰ ወይ? ለእነዚህ መልስ የሚሰጠው «የተከፈለ የመጨረሻ ገንዘብ» ወይም በተመሳሳይ ስም የተጻፈው መስመር ነው። እሱ ከሌለ ዝርዝር መግለጫ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መብትዎ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከስምዎና ከሂሳብ ቁጥሩ። ደብዳቤው ብዙ ጊዜ የቁጥሩን የመጨረሻ አሃዞች ብቻ ስለሚያሳይ፣ በተለይ ሁለት ሂሳብ ካለዎት የተዘጋው የትኛው እንደሆነ ያረጋግጡ። ቀጥሎ ቀኖቹን ይለዩ። መዝጊያውን የጠየቁበት፣ ሂሳቡ የተዘጋበትና ደብዳቤው የተጻፈበት ቀን ሦስት የተለያዩ ቀኖች ሊሆኑ ይችላሉ። ለወለድ ስሌት የሚያስፈልግዎ ሂሳቡ የተዘጋበት ነው።

ጥያቄ፦ በመጨረሻው መግለጫ ላይ 18,250.00 ነበረኝ። የተከፈለኝ 18,304.80 ነው። እንዴት ላመሳክረው?

መልስ፦ የላኩልኝ ደብዳቤ ወለዱ በዓመት 7 በመቶ እንደሆነ፣ ከመጨረሻው የወለድ ክፍያ እስከ መዝጊያው 24 ቀን እንዳለፈ፣ በወለዱ ላይ 5 በመቶ ግብር እንደተቀነሰና 25.00 የመዝጊያ ክፍያ እንደተወሰደ ይገልጻል። ወረቀትና እርሳስ ይያዙ፦

18,250.00 × 0.07 × 24 ÷ 365 = 84.00 (ወለድ)
84.00 × 0.05 = 4.20 (የወለድ ግብር)
18,250.00 + 84.00 − 4.20 − 25.00 = 18,304.80

ልክ ነው፤ አንዲት ሳንቲም አልጎደለችም። ውጤቱ በትንሹ ቢለያይ ግን ወዲያው ስህተት ነው አይበሉ። ዓመቱን 360 ቀን አድርጎ የሚያሰላ ባንክ ይኖራል፤ በዚያ ስሌት ወለዱ 85.17 ይሆን ነበር። የመዝጊያው ቀን ራሱ ተቆጠረ ወይስ አልተቆጠረም የሚለውም በዚህ ሂሳብ የ3.50 ልዩነት ያመጣል። የትኛው እንደሚሠራ የሚወስነው ሂሳቡን ሲከፍቱ የፈረሙት ውል ነው። የመዝጊያ ክፍያውንም እዚያው ወይም በባንኩ የታሪፍ ሰንጠረዥ ላይ ይፈልጉት። በሁለቱም ከሌለ በየትኛው አንቀጽ እንደተቀነሰ እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከመዝጊያው ጥቂት ቀን በፊት በካርድ ከፍዬ ነበር።

መልስ፦ የካርድ ክፍያ ሂሳቡ ላይ እስኪመዘገብ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ተቀንሶ ካላዩት «በነፃ አለፈ» ብለው አይደሰቱ፤ ባንኩ ኋላ ሊጠይቅዎ ይችላል። በየወሩ ከሂሳቡ በራሱ የሚቆረጥ ክፍያ ካለዎትም ለተቀባዩ ድርጅት አዲሱን ሂሳብ ያሳውቁ።

ጥያቄ፦ «በዝውውር ተልኳል» ይላል፤ አዲሱ ሂሳቤ ላይ ግን የለም።

መልስ፦ ይህን በቸልታ አይለፉት። አንዲት እናት ደብዳቤያቸውን ይዘው መጥተው ነበር፤ ድምሩ፣ ቀኑ፣ ማህተሙ ሁሉ የተሟላ ነው። አዲሱን የባንክ ደብተራቸውን ከደብዳቤው ጎን አስቀምጠን ቁጥሩን በጣት እየነካን ስናነብ፣ ደብተሩ 47 ሲል ደብዳቤው 74 ይላል። ገንዘቡ የተመለሰው ከብዙ ምልልስ በኋላ ነው። እርስዎም የተቀባዩን ቁጥር አሃዝ በአሃዝ ያመሳክሩ። ልክ ከሆነ የዝውውሩን መለያ ቁጥር ይዘው ተቀባዩን ባንክ ይጠይቁ። ከደብዳቤው ያነሰ ገንዘብ ከደረሰም መንገድ ላይ የማስተላለፊያ ክፍያ ተቆርጦ እንደሆነ ይጣራ።

በቼክ ከተከፈለዎት ደግሞ ቼኩ መሳቢያ ውስጥ እያለም የድሮው ሂሳብ ዜሮ ነው። ቼክ ጊዜው ያልፋልና ቶሎ ገቢ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ልዩነት ካገኘሁ ምን ብዬ ልጻፍ?

መልስ፦ አጭር ይሁን፤ ቁጥሩ ይናገር። ለምሳሌ የ25.00 ክፍያው በውሉ ከሌለ እንዲህ ይጻፉ፦

«በ3082 የሚያልቀው የቁጠባ ሂሳቤ መዘጋቱን የሚገልጸው ደብዳቤ ደርሶኛል። የተከፈለኝ 18,304.80 ሲሆን በእኔ ስሌት ሊከፈለኝ የሚገባው 18,329.80 ነው። ልዩነቱ 25.00 የመጣው በውሌ ላይ ካላገኘሁት የመዝጊያ ክፍያ ነው። የተቀነሰበትን አንቀጽ እንድታሳዩኝ፣ ከሌለም ገንዘቡን እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ። ስሌቴንና የደብዳቤውን ቅጂ አያይዣለሁ።»

ዋናውን ደብዳቤ አይስጡ፤ ቅጂውን ብቻ ይስጡ። በእጅዎ በሚቀረው የማመልከቻዎ ቅጂ ላይም የተቀበለው ሠራተኛ ቀን ጽፎ እንዲፈርምበት ያድርጉ።