ሁለት የካቲት፦ ወታደሩ መቼ ገባ?

የሩሲያም የኢትዮጵያም ሕዝብ አደባባይ የወጣው በእኛ አቆጣጠር በየካቲት ነው፤ የነሱ በ1909፣ የእኛ በ1966። ሁለቱንም የቀሰቀሰው የሆድ ጉዳይ ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ቅደም ተከተሉ ነው። ወታደሩ መቼ ገባ?

በያኔዋ የሩሲያ ዋና ከተማ ፔትሮግራድ ቀድመው የወጡት ዳቦ ያጡ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሴቶች ናቸው። ወታደሩ ያመፀው በአምስተኛው ቀን ነው። በእኛ አገር ተገላቢጦሽ ሆነ። ገና በጥር፣ ነገሌ ቦረና ላይ የወታደሮቹ የውሃ ፓምፕ ተበላሸ። ከመኮንኖቹ ውሃ እንዳይቀዱም ተከለከሉ። ጉዳዩን ሊያጣራ የመጣውን ጄኔራል ያዙት፤ እነሱ የሚበሉትን አበሉት፣ የሚጠጡትን አጠጡት። ይቺ አንዲት ሳህን ስለዚያ ሥርዓት ብዙ ትናገራለች። ታክሲ ነጂውና መምህሩ ሥራ ያቆሙት ከዚህ በኋላ ነው።

ነገሩ የቀናት ልዩነት ብቻ አይደለም። የሩሲያው ወታደር ዘግይቶ ስለመጣ የተቀላቀለው ሠራተኛው የጀመረውን ነው። ስለዚህ ሶቪየት የተባለው ምክር ቤት የሠራተኞችና የወታደሮች ሆነ። ነገሌ ያመፀው ወታደር ግን የሚቀላቀለው ሰው አልነበረም። ሰኔ ላይ ደርግ ሲቋቋም 120 ገደማ አባላቱ በሙሉ ከጦሩና ከፖሊስ ነበሩ። መምህር የለ፣ ሠራተኛ የለ። ፓርቲዎቹስ? የሩሲያዎቹ ስማቸው በፋብሪካ የታወቀ ነበር። መኢሶንና የኋላው ኢሕአፓ ግን ገና በስደትና በኅቡዕ ነበሩ።

የንጉሦቹ አወራረድም ከዚሁ ይመነጫል። ኒኮላስ በአንድ ሳምንት ዙፋኑን ለቀቀ፤ ፓርላማው ዱማም ሶቪየቱም ክፍተቱን ለመሙላት በቦታው ነበሩ። ኃይለ ሥላሴ የወረዱት ከስድስት ወር በኋላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ነው። ደርግ ሹማምንቱን አንድ በአንድ እየለቀመ፣ መጀመሪያ በንጉሡ ስም እየማለ ሄደ። መጨረሻ ላይ አዛውንቱን ከቤተ መንግሥት በቮልስዋገን ወሰዷቸው።

እርግጥ ሩሲያም በጥቅምት በአንድ ፓርቲ እጅ ወደቀች፣ ደሙም ብዙ ነው። ሶቪየቱ ከአምባገነንነት አላዳናትም። ግን እዚያ ሥልጣኑ ከብዙ ተፎካካሪ ተነጠቀ፤ እዚህ መጀመሪያውኑ ማንም ጋ አልደረሰም።

መሬት ላይ ይህ ይበልጥ ይታያል። የሩሲያ ገበሬ በዚያው በጋ የባላባቱን እርሻ በገዛ እጁ መከፋፈል ጀመረ፤ የሌኒን አዋጅ በኋላ ደርሶ አጸደቀለት። የእኛ ተማሪ «መሬት ለአራሹ» ብሎ የጮኸው በ1957 ነው፣ አብዮቱ ሊፈነዳ ዘጠኝ ዓመት ሲቀረው። ጥያቄው የተማሪ፣ መልሱ ግን የመኮንኖች ሆነ። የካቲት 25 ቀን 1967 አዋጁ ከአዲስ አበባ ወጣ። የደቡቡ ጭሰኛ ከባላባቱ ተገላገለ፤ ይህን ማንም ሊያሳንሰው አይገባም። መሬቱ ግን የመንግሥት ሆነ። አዋጁን ለገበሬው ያደረሰውም በደርግ ትእዛዝ የዘመተው ያው ተማሪ ነው።